ቀብዱ አይመለስም

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ሥራ የቀብድ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አሰላ በዚያ ወር ፀሐይ ወጥታም ትበርዳለች። የፎቶ ቤቱን በር ገርበብ አድርገን፣ እሱ ለደንበኛ በተዘጋጀው ወንበር ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። ከጀርባዬ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ ተወጥሯል። አሰላ ውስጥ ሐይቅም ዘንባባም የለም፤ ሰው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ መነሳት የሚፈልገው እሱ ፊት ቆሞ ነው።

ደብዳቤው ያስፈለገው ባለቤቴ ገንዘብ መመለስ ስለሚወድ ነው። መውደድ እንኳ አይደለም፤ አለመመለስ አይችልበትም። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ሰርግ ቀረበት። ሦስቱም ቀን ይዘው፣ ቀብድ ከፍለው፣ እሱም በእነሱ የተነሳ ሌላ ሰው መልሶ ነበር። ሦስቱም መጥተው ብራቸውን ጠየቁ፤ ለሦስቱም መለሰ። «ሰርጉ ፈርሶበት ያዘነን ሰው ብሩን ልከልክለው?» ይለኛል። የሦስተኛው ሰው ሰርግ ግን አልፈረሰም። የተመለሰለትን ብር ይዞ ከኛ ፊት ለፊት ያለውን ፎቶ አንሺ ቀጠረ። በሰርጉ ቀን ያ ፎቶ አንሺ መብራት አነሰው፤ የኛን ሊዋስ መጣ። ባለቤቴ አዋሰው፤ የመብራቱን ማቆሚያም ራሱ ተሸክሞ መንገድ አሻገረለት።

እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ከሸዋ ተመድቤ መጥቼ፣ አንድ ዓመት ሠርቼ ልቀየር ብዬ፣ በዚያው የቀረሁ ነኝ። እሱ የአሰላ ልጅ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ይቀልዳል፤ በሁለቱም እምቢ ማለት አይችልም። «ቲቸር፣ አንቺ ጻፊልኝ፤ በቃሌ መናገር ያቃተኝን ወረቀት ይናገርልኝ» አለኝ። ከዚያ መልሶ እሱው ቀድሞ ሞከረ። ስልኩ ላይ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ ማሳሰቢያ፣ ቀብድ አይመለስም። ከኋላው ሦስት ቃለ አጋኖ ደርድሯል። ይህ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ ነው፣ የጎደለው የራስ ቅል ሥዕል ብቻ ነው አልኩት።

የኔው ደግሞ በሌላ በኩል ጠፋ። ስለ ጋብቻ ክብር ጀመርኩ፤ ስለ ትውስታ ጥቂት አልኩ፤ ይቅርታ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ። ጮክ ብሎ አነበበውና መስመሮቹን በጣቱ ቆጠረ።

«ቲቸር፣ ቀብድ የሚለው ቃል የመጣው ስምንተኛው መስመር ላይ ነው። እዚያ ሳይደርሱ ይወልዳሉ።»

ስንጨቃጨቅ መሸ። እሱ ይቅርታ የሚለው ቃል እንዲወጣ ፈለገ፤ ይቅርታ ካልን መልሱ ይሉናል አለ። እኔ ደግሞ ምክንያቱ ከክልከላው እንዲቀድም ፈለግሁ፤ ሰው ለምን እንደተከለከለ ካወቀ ቁጣው ይቀንሳል። ቀብዱ ከዋጋው ሲሶ ይሁን የሚለውን እሱ ወሰነ። ስለ ሐዘንና ሕመም የሚናገረው ግን የኔ ነው፤ ለእሱ ስል አይደለም፣ ልክ ስለሆነ ነው ያስገባሁት። ዘመድ ሞቶበት ሰርጉን የሚያዛውር ሰው ቀብዱን መቀማት የለበትም። በመጨረሻ ይህ ሆነ፦

«ለሰርጋችሁ ስለመረጣችሁን እናመሰግናለን። ቀኑን የምንይዝላችሁ ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶውን በቀብድ ስትከፍሉ ነው። ከዚያ በኋላ ለዚያ ቀን የሚመጣውን ሌላ ደንበኛ ሁሉ እንመልሳለን። ስለዚህ ሰርጉ ቢቀር ወይም ሌላ ፎቶ አንሺ ብትመርጡ ቀብዱ አይመለስም። ይህን ዛሬ የምንነግራችሁ ነገ እንዳንቀያየም ብለን ነው። ሐዘን ወይም ሕመም ገጥሟችሁ ቀኑን ብታዛውሩ ግን፣ አዲሱ ቀን ያልተያዘ እስከሆነ ድረስ ቀብዳችሁ ወደዚያ ይሻገራል፤ ተጨማሪ አንጠይቅም። ከቀሪው ሂሳብ ግማሹ በሰርጉ ዋዜማ፣ ግማሹ አልበሙን ስትረከቡ ይከፈላል። ያልገባችሁ ነገር ካለ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁን፤ ደስ ብሎን እናስረዳለን።»

እሱ ወደ ኦሮምኛ መለሰው። የእሱ ኦሮምኛ ከኔ አማርኛ አጠረ፤ ደግሞም ለሰሚው ይበልጥ ደግ ሆነ። ቅር ብሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ጎድሏል አልኩት። እኛ ብንቀርስ? ሰው ምን ጊዜም ሊታመም ይችላል። ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ሳቀ። ወባ ይዞት አቦምሳ ድረስ ሄዶ ሰርግ አንስቷል፤ አባቱን ቀብሮ በሦስተኛው ቀን አርቦዬ ለሰርግ ቆሟል። «እኔ ሰርግ ቀርቼ አውቃለሁ?» አለ። አያውቅም። «ታዲያ ሰው የራሱን መቅረት አስቀድሞ ጽፎ ይፈርማል? ሟርት ነው፤ ተዪው።» ተውኩት። ተማሪዎቼን ያላችሁትን ብቻ ሳይሆን ያላላችሁትን ፈልጉ እያልኩ የማስተምር ሴት፣ ያን ዕለት ፊደል ለቅሜ ዘጋሁት።

ደብዳቤው በመጀመሪያ የደረሰው ሐጂ ዘንድ ነው። ሐጂ ስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው በዲክሲስ መውጫ በኩል ነው። ልጃቸው ፋርማሲ ትሠራለች፤ አሥረኛ ክፍል እያለች አስተምሬያታለሁ። ሰርጓ ለጥር ማለቂያ፣ ሮመዳን ሳይገባ ተቆርጧል። ሁለቱም ደብዳቤው ተልኮላቸው፣ በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ድረስ አብረው መጡ። ጥር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሰርግ ወር ስለሆነ ቀን ቶሎ ካልተያዘ አይገኝም።

ሐጂ ልጃቸው ደብዳቤውን እንደገና እንድታነብላቸው አደረጉ። እስክትጨርስ ዝም ብለው ሰሙና ሳቅ ያዛቸው። በእነሱ ገበያ ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ፣ ነጋዴው እጁን ዘርግቶ፣ ቀብድ በአንድ ቃል ያልቃል አሉ። እናንተ አንድ ገጽ ፈጃችሁ አሉን። ከዚያ ባለቤቴን ዞር ብለው አዩት።

«አንድ ነገር ግን አላያችሁም። እኛ ብንቀር ብሩ ቀረ፤ ደግ። በኛ ገበያ ግን ቀብድ የበላ ሰው ቃሉን ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። እናንተ ብትቀሩስ?»

ባለቤቴ እኔን ጠቀሰኝና «ሐጂ፣ እኔ የቀረሁ ዕለት እጥፉን ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ» አላቸው። እጅ ተመታቱ። ብሩ ተከፈለ። በሳምንቱ አንድ የአቦምሳ ሀብታም ለዚያው ቀን መጣ፤ ያለ ክርክር ሙሉውን ዋጋ ቀድሞ ሊከፍል። ባለቤቴ መለሰው። ማታ ሲነግረኝ ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት ነበር፤ ደብዳቤያችን እውነቱን ነበር የተናገረው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት፣ ሱቅ ሊከፍት ተነስቶ አንድ ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛውን አላደረገም። ልቡ ነው አሉን። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር።

ሐጂ ልቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀመጡ፤ ስለ ሰርግ ቃል አልተነፈሱም። ልጅቷም መጣችና እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔ ግን በዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እያለቀሰ፣ እጥፍ እጥፍ የሚል ድምፅ ነበር የሚሰማኝ። ለሌሎቹ ደንበኞች እንደ ደብዳቤው አገባብ ባይሆንም እንደ ሰው ወግ የተቀበልነውን ልክ መለስኩ። ለሐጂ ግን ልኩ አይበቃም። ባለቤቴ በአፉ የተናገረው ነው፤ እጅ የመታበት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መመለስ የሌለበትን ሲመልስ የኖረ ሰው፣ መመለስ ያለበትን አንዱን ሳይመልስ ሄደ እንዲባልበት አልፈለግሁም። ሌላው ሁሉ ከእጄ ወጥቷል፤ ቃሉን ግን አላስነካም አልኩ።

ቀብዱ ባለቤቴ በሕይወት እያለ የካሜራው ጥገና ላይ ውሏል። የመምህራን ዕቁባችን የሌላ ሰው ተራ አሳልፎ ለኔ ሰጠኝ። አርባው እንዳለፈ፣ እጥፉን በፖስታ አድርጌ ወደ ሐጂ መጋዘን ሄድኩ።

የስንዴ ወቅት ነው። መጋዘኑ ደጃፍ መኪና ቆሟል፤ ሐጂ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ጆንያ ያስመዝናሉ። ሲያዩኝ ምዘናውን አስቆሙና ወንበር አስመጡልኝ። ልጃቸውም የሰርጉን ጥሪ ወረቀት ልታሳያቸው መጥታ እዚያው ነበረች። ፖስታውን ሰጠኋቸው። ከፍተው አላዩትም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ነገርኳቸው። እሱ ቃል ገብቶ ነበር፤ ቀብድ የተቀበለ ከቀረ እጥፍ ይመልሳል ያሉት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ሐጂ ፖስታውን ጭኔ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«እህቴ፣ ደብዳቤሽ ቀብዱ አይመለስም ይላል። ልጄ ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች።»

«ሐጂ፣ እሱ እኮ እናንተ ስትቀሩ ነው።»

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። አይመለስም ካለ አይመለስም።»

ቋንቋ በማስተማር የኖርኩ ሴት፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት አንቀጽ ምን ማለት እንደሆነ ለአንድ ነጋዴ ማስረዳት አቃተኝ። እንዲያ ግልጽ ይሁን ብለን የተጨቃጨቅንበት! ቃሉስ፣ አልኩ፤ የቀረሁ ዕለት ብሏል። ሐጂ ጆንያው ላይ የነበረውን መንሽ የመሰለ ትልቅ እጃቸውን አነሱ።

«የቀረሁ ዕለት አለ እንጂ የሞትኩ ዕለት አላለም። በገበያ ቀረ የሚባለው የተሻለ ዋጋ አግኝቶ የሄደ ሰው ነው። ያንቺ ሰው እንደዚያ ነው የሄደው?»

አይደለም አልኩ። እሳቸውም ወደ ሚዛኑ ዞር አሉ።

ልጅቷ ጠጋ አለችኝ። ብሩ ቢመለስላትም ችግሯን እንደማይፈታው ነገረችኝ። የሙሽራዋ ክፍል ወንድ አይገባበትም፤ ሂናው፣ አለባበሱ፣ የሴቶቹ ጨዋታ ሁሉ እዚያ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከባለቤቴ ጋር እየሄድኩ ያን ክፍል በሁለተኛው ካሜራ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ለረዳትነት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እሱም የቲቸር ትርፍ ሥራ ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

«ቲቸር፣ አባቴን ቀብዱን ያስከፈልኩት እርስዎ ለሚያነሱት ክፍል ነው። የጓደኞቼ ሰርግ ላይ ያነሱትን አይቼ ነው የመጣሁት። የወንዶቹን በኩል ማንም ያነሳል፤ እርስዎ ይምጡልኝ።»

ባለቤቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ሆነ አልኩ በልቤ፤ ቀጥሎ ደግሞ ቢሰማው ለአንድ ወር እንደሚያወራው ታወሰኝ።

እምቢ አልኩ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሰርግ ቤት አትገባም፤ ይልቁንም ሙሽራ ክፍል። ገና አርባ ማለፉ ነው፤ ጥቁር ለብሻለሁ፤ ዓመት ሳይሞላ አላወልቅም። ሙሽራዋን ስታስጌጡ ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች መበለት ቆማ ልታዩ ነው፣ ዘመዶችሽ ምን ይላሉ? አልኳት። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ፎቶ አንሺ መቼ ነው ጥቁር ያልለበሰው?»

ሐጂ ሳይፈልጉ ሳቁ። እውነቷን ነው። ባለቤቴ ሃያ ዓመት ለሰርግ ጥቁር ሸሚዝ ነበር የሚለብሰው፤ ነጭ ልብስ ሙሽራዋ ፊት ላይ ብርሃን ይረጫል ይል ነበር። እኔንም ጥቁር ያስለብሰኝ ነበር። ለሰርግ የለበስኩትን ቀሚስ ነው ለእሱ ልቅሶ የለበስኩት፤ ሌላ ጥቁር የለኝም።

ፖስታውን ይዤ ተመለስኩ። መልሴን ግን አልሰጠሁም። የወንዶቹን በኩል የሚያነሳ ሰው ካላገኘሁ ሥራው አይሞላም፤ በጥር ወር ደግሞ ክፍት ቀን ያለው ፎቶ አንሺ አይገኝም። ያለኝ አማራጭ መንገዱን ማቋረጥ ብቻ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ፎቶ አንሺ ሙያውን ከባለቤቴ ተምሮ፣ ትይዩ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ደብዳቤያችንን አይቶ፣ ፎቶ ቤት ነው ወይስ ፍርድ ቤት እያለ ሲስቅብን ከርሞ ነበር። ቀኑን ነገርኩት። አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ ክፍት ነኝ። ለዚያ ቀን የያዘኝ ሰው ትናንት ሰረዘኝ።»

ቀብዱስ አልኩት። «መለስኩለት፤ አሳዘነኝ» አለ። ለአንድ አፍታ ሁለታችንም ሌላ ሰው እያሰብን ቆምን።

ተስማማን፤ ከቀሪው ሂሳብ የወንዶቹ በኩል ድርሻ ለእሱ። ለልጅቷ ስልክ ደውዬ እመጣለሁ አልኳት።

የሰርጉ ዕለት የሙሽራዋ አክስት በር ላይ ተቀበለችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ለጎረቤቷ በኦሮምኛ፣ የዚህች አለባበስ ደስ ይላል፣ የባለሙያ ነው አለቻት። ኋላ ላይ ነገሩን ሰማች መሰለኝ፣ አጠገቤ ተቀምጣ በናንተ ሐዘኑ ስንት ጊዜ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዓመት አልኳት። በኛ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው አለች፤ ከዚያም ገበያ ላይ ዋጋ እንደምታማክር ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዓመት ይበዛል አለችኝ። ቴምር ሰጠችኝና ሄደች።

ሥራው እጄን ያዘው። ሂናው ገና ያልደረቀበትን መዳፍ፣ የሙሽራዋን ጫማ፣ በሳቅ እንባዋ የመጣ አንዲት አሮጊት አነሳሁ። እያነሳሁ ሳለ ለረጅም ደቂቃዎች ምንም አላስታወስኩም። ይህ ደስታ ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ ዕረፍት ግን ነበር።

እኔና ባለቤቴ አንድ ልማድ ነበረን። እሱ ወደ ሴቶቹ ክፍል መግባት ስለማይችል፣ ሙሽራው ሊመጣ ሲቃረብ በሩን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። እኔ በሩን በትንሹ ከፍቼ የሞላውን የካሜራ ካርድ አቀብለዋለሁ፤ እሱ ባዶውን ይሰጠኛል። እኔ እጁን ብቻ ነው የማየው። ያን ዕለትም ሰዓቱ ሲደርስ፣ ሳላስበው ካርዱን አውጥቼ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ከቆምኩ በኋላ ነው። ልመለስ ስል በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

በትንሹ ከፈትኩት። አንድ እጅ ባዶ ካርድ ይዞ ተዘርግቷል። የባለቤቴ ተማሪ ነው፤ እንዲህ ነው የተማረው። የሞላውን ሰጠሁት፤ ባዶውን ተቀበልኩት፤ በሩን ዘጋሁ። ሙሽራዋ አይታኝ ነበር። «ቲቸር፣ አለቀ?» አለችኝ። ገና ነው አልኳት።

አልበሙን ስናስረክብ ሐጂ የመጨረሻውን ሂሳብ ከፈሉና አንድ በአንድ ገለጡት። የሴቶቹ ክፍል ገጾች ላይ ዘለግ ላለ ጊዜ ቆዩ፤ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት ክፍል ነው። ዘግተው፣ «ያንቺ ሰው ቀረ የሚል አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። የዕቁቡን ብር ለባለተራው መልሻለሁ።

በዚያው ሳምንት ፊት ለፊት ያለው ፎቶ አንሺ መጥቶ የቀብዱን ደብዳቤ እንድሰጠው ለመነኝ። ሰጠሁት። መጀመሪያ ግን ያኔ የተውኩትን ጻፍኩበት፦ «እኛ ሥራውን መሥራት ካልቻልን ቶሎ እንነግራችኋለን፤ ከፈቀዳችሁ የምናምነውን ሌላ ባለሙያ እንተካለን፤ ካልፈቀዳችሁ ቀብዳችሁን ሙሉውን እንመልሳለን።» እጥፍ አላልኩም። ወደ ኦሮምኛ የመለስኩትም እኔ ነኝ፤ ከባለቤቴ ኦሮምኛ ረዘመ።

ፎቶ አንሺው ወስዶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ባለፈው ወር አንድ ሙሽራ ሰርዞ መጣ፤ በመስኮቴ አየኋቸው። ሁለቱ ደብዳቤው ፊት ቆመው አብረው አነበቡት። ከዚያ ብሩን መለሰለት።

አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ሰርግ ባለበት ቀን ጥቁሩን ቀሚሴን ለብሼ የሴቶቹን ክፍል ፎቶ አነሳለሁ።